ፍሰቱ ሳይታወቅ የሙዲን ቻርት ማንበብ፦ የአንድ ምንጭ ቧንቧ ማስታወሻ

በስሌቴ መሠረት የ20 ሊትሩ ጀሪካን በ6 ሰከንድ መሙላት ነበረበት። የሞላው በ14 ሰከንድ ነው። ሰዓት ይዤ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ያው 14 ነው። የቦኖው ጠባቂ ሽማግሌ ከጎኔ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ውሃው መቼ ቸኩሎ ያውቃል? ያስቸኮለው ወረቀትህ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ወረቀቴ የት እንደተሳሳተ ለማወቅ የወሰደብኝ ጊዜ ግን ስሌቱን ለመማር ከወሰደብኝ ይበልጣል።

ቦታው ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ያለ ቀበሌ ነው። ከተራራው ጥግ አንድ ምንጭ በኮንክሪት ሳጥን ተይዟል። ከሳጥኑ የሚነሳው ጋልቫናይዝድ ቧንቧ 2,400 ሜትር ተጉዞ መንደሩ አናት ላይ ካለው ጋን ይገባል። ፓምፕ የለም፤ ውሃውን የሚያወርደው የከፍታው ልዩነት ብቻ ነው። የእኔ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ይህ ቧንቧ በሰከንድ ስንት ሊትር ማድረስ ይችላል?

ፍሰቱ ቢታወቅ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ፍጥነቱን ታሰላለህ፣ ፍሰቱ ምን ያህል የተረበሸ እንደሆነ የሚናገረውን ሬይኖልድስ ቁጥር ታወጣለህ፣ ይህን ቁጥርና የቧንቧውን ሸካራነት ከሰበቃ ቁጥር ጋር ከሚያገናኘው የሙዲ ቻርት ላይ የሰበቃ ቁጥሩን ታነባለህ፣ በመንገድ ላይ የሚጠፋውን ከፍታ፣ ማለትም ሄድ ሎስ የምንለውን፣ ታገኛለህ። የእኔው ተገላቢጦሽ ነው። የሚጠፋውን ከፍታ አውቀዋለሁ፤ ቧንቧው ጋኑ ላይ ክፍት ስለሆነ ያለው የከፍታ ልዩነት በሙሉ በመንገዱ ላይ ያልቃል። ፍጥነቱን ለማግኘት ግን የሰበቃ ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ የሰበቃ ቁጥሩን ከቻርቱ ለማንበብ ደግሞ ፍጥነቱ። ዶሮዋና እንቁላሉ። መውጫው የሰበቃ ቁጥሩን ገምቶ መጀመር፣ ከዚያም ቻርቱ እንዲያርመው መፍቀድ ነው።

መጀመሪያ የከፍታውን ልዩነት። ስልኬ 48 ሜትር ነው አለኝ፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ የስልክን ከፍታ አላምንም። ጋኑ ዘንድ ያለውን ቫልቭ ዘግተን፣ ቧንቧው እስኪሞላ ጠብቀን፣ የግፊት መለኪያ ጌጅ አሰርን። 3.5 ባር አነበበ። አንድ ባር 10.2 ሜትር ያህል የውሃ ከፍታ ስለሆነ ልዩነቱ 36 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ቆሞ ሳለ ሰበቃ ስለሌለ ጌጁ የሚያሳየው ከፍታን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዲያሜትሩ። ሁሉም ሰው «ሁለት ኢንች» ይለዋል፤ እኔም 50 ሚሊ ሜትር ብዬ ልጽፍ ነበር። ከጋኑ አጠገብ የተረፈ ቁራጭ አግኝቼ በካሊፐር ስለካው ውስጡ 53 ሚሊ ሜትር ሆነ። የጋልቫናይዝድ ብረት የተለመደው ሸካራነት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዲያሜትሩ ሲካፈል 0.0028 ይሆናል። ቻርቱ ላይ የምከተለው መስመር ይህ ነው። ምንጩ ቀዝቃዛ ነው፣ 15 ዲግሪ፤ በዚህ ሙቀት የውሃው ኪነማቲክ ዝልግልግነት 1.14 × 10⁻⁶ ካሬ ሜትር በሰከንድ ነው።

ቀመሮቹ ሁለት ናቸው፤ V ፍጥነቱ፣ g የመሬት ስበት ፍጥንጥነት፣ D ዲያሜትሩ፣ H የከፍታው ልዩነት፣ f የሰበቃ ቁጥሩ፣ L የቧንቧው ርዝመት፣ Re ሬይኖልድስ ቁጥሩ፣ ν ዝልግልግነቱ ነው፦

```
V  = √( 2·g·D·H / (f·L) )
Re = V·D / ν
```

የእኔን ቁጥሮች ስተካ የመጀመሪያው ወደ V = 0.125 / √f ይጠብባል። ከዚህ በኋላ የሚለዋወጠው የሰበቃ ቁጥሩ ብቻ ነው።

ለመነሻ ግምት የትም መዝለል አያስፈልግም። በቻርቱ ቀኝ ዳር የሸካራነት መስመሮቹ ሁሉ አግድም ይተኛሉ፤ እዚያ የሰበቃ ቁጥሩ በፍጥነት ላይ አይወሰንም። የ0.0028 መስመር የሚተኛው 0.0257 ላይ ነው። በእሱ ጀመርኩ፦ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.78 ሜትር፣ ሬይኖልድስ ቁጥሩ 36,200 ሆነ። አሁን ወደ ቻርቱ ተመልሼ፣ ከታች 36,200ን ፈልጌ፣ ቀጥ ብዬ ወደ ላይ ወጥቼ መስመሬን አገኘሁ። በግራ በኩል የሚነበበው 0.0291 ነው። አዲሱ ፍጥነት 0.73፣ አዲሱ ሬይኖልድስ ቁጥር 34,000። እንደገና ሳነብ 0.0293። ፍጥነቱ ከ0.73 አልተነቃነቀም። አበቃ፤ በ53 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ውስጥ ይህ በሰከንድ 1.61 ሊትር ነው።

ይህን ያህል ፈጥኖ መርጋቱ መጀመሪያ አጠራጥሮኝ ነበር። ምክንያቱ ግን ከቁጥሮቹ ይታያል። የመነሻ ግምቴ ከቻርቱ ንባብ በ12 በመቶ ያነሰ ነበር። ፍጥነቱ በሰበቃ ቁጥሩ ስኩዌር ሩት ስለሚካፈል ስሕተቱ ወደ 6 በመቶ ወረደ። በዚህ አካባቢ መስመሩ ቁልቁለቱ ለስላሳ ስለሆነ ደግሞ የ6 በመቶ የሬይኖልድስ ለውጥ የሰበቃ ቁጥሩን ያነቃነቀው ከ1 በመቶ ባነሰ ነው። እያንዳንዱ ዙር ስሕተቱን ይውጠዋል። ይህ የማይሠራው ሬይኖልድስ ቁጥሩ ከ2,000 እስከ 4,000 ባለው ክልል ሲወድቅ ነው፤ እዚያ ፍሰቱ ራሱ ስለማይረጋ የሰበቃ ቁጥሩ ይዘላል፣ ዙሩም ከወዲያ ወዲህ ሊመላለስ ይችላል።

ቻርቱ ላይ 36,200ን መፈለግም የራሱ ጣጣ አለው። መለኪያው በሎጋሪዝም ስለሆነ በ10,000 እና በ100,000 መካከል ያለው እኩሌታ 55,000 ሳይሆን 31,600 ገደማ ነው። በመጀመሪያው ቀን በዓይኔ ለክቼ ወደ ግራ አፈግፍጌ ነበር። ቁጥሬ የሚገኘው ከመሃሉ ጥቂት ወደ ቀኝ አለፍ ብሎ ነው።

ታዲያ 6 ሰከንድ ከየት መጣ? በሰከንድ 1.61 ሊትር ጀሪካኑን የሚሞላው በ12 ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። ያ የመጀመሪያው ስሌቴ ያወጣው 3.3 ሊትር ነበር፣ ከእጥፍ በላይ። ዙሮቹን አሥር ጊዜ ፈተሽኩ፤ ሁሉም በትክክል ይረጋሉ። እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው፤ በተሳሳተ ቻርትም ዙሩ አምሮበት ይረጋል።

ጥፋቱ የተገኘው በቻርቱ ግራ ጥግ ነው። የሰበቃ ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው፦ የዳርሲ እና የፋኒንግ። የዳርሲው የፋኒንጉ አራት እጥፍ ነው። የእኔ ቀመር የዳርሲውን ይጠይቃል፤ ከአንድ ጓደኛዬ ተውሼ ፎቶ ኮፒ ያደረግሁት ቻርት ግን የፋኒንግ ነበር። በኮፒው ርዕሱ ተቆርጧል፤ ያለው f የምትል ፊደል ብቻ ነው። መለያው ግራ ላይ ያለው ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ የዝግተኛው ፍሰት መስመር። ሬይኖልድስ ቁጥር 1,000 ላይ 0.064 ካነበባችሁ የዳርሲ ነው፤ 0.016 ካነበባችሁ የፋኒንግ። አሁን ማንኛውንም ቻርት ስይዝ ከምንም በፊት ዓይኔ የሚሄደው ወደዚያች ነጥብ ነው።

ቻርቱን ሉዊስ ሙዲ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው፤ መስመሮቹ የተሳሉት ኮልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1939 ካወጣው ቀመር ነው። ይህን ሳነብ አንድ ነገር በራልኝ። በኮልብሩክ ቀመር ውስጥ ሬይኖልድስ ቁጥሩ የሚገባው ከሰበቃ ቁጥሩ ስኩዌር ሩት ጋር ተባዝቶ ነው፤ ε የቧንቧው ሸካራነት ነው፦

```
1/√f = -2·log10( ε/(3.7·D) + 2.51/(Re·√f) )
```

የከፍታው ልዩነት ሲታወቅ ደግሞ ከዚያ ብዜት ውስጥ ፍጥነቱ ተጣፍቶ ይወጣል። በእኔ ቧንቧ ብዜቱ 5,806 ነው፣ ፍጥነቱ ምንም ይሁን ምን። ስተካው ያለ ምንም ዙር 0.0293 ወጣ። እንግዲህ ይህ የእኔ ዓይነት ጥያቄ ዙር የሚያስፈልገው ቻርቱ በዚህ መልክ ስለተሳለ ነው። ያም ሆኖ ዙሩን አልጣልኩትም፤ ቻርቱ ላይ ጣትህን ስታንቀሳቅስ ቧንቧህ ከየትኛው ክልል እንዳለ ታያለህ።

አሁን የቀረው በ12 ሰከንድ ተኩል እና በ14 ሰከንድ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የተለካው በሰከንድ 1.43 ሊትር ነው። በነገራችን ላይ፣ ዲያሜትሩን 50 ብዬ ጽፌው ቢሆን ስሌቱ 1.38 ይሰጠኝና ከልኬቱ ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረውም ነበር። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እገባ ነበር፣ በሐሰት ስምምነት።

መጀመሪያ የፈተሽኩት ምንጩን ነው። ምንጩ ከቧንቧው አቅም ያነሰ ውሃ ቢሰጥ ኖሮ ቧንቧው ሙሉ ሆኖ አይፈስም፣ ስሌቱም አይሠራም። ሳጥኑ ላይ ያለው የትርፍ ውሃ ማስወጫ ግን ያለማቋረጥ ይፈሳል፤ ስለዚህ የሚገድበው ቧንቧው ነው። ክርኖቹና ቫልቮቹስ? በልግስና ብቆጥራቸው ሁሉም ተደምረው የሚወስዱት ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ36 ሜትር ውስጥ። በረጅም ቧንቧ እነሱን መተው የሚቻለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ስሌቱን ገለበጥኩት። ከተለካው ፍሰት የሰበቃ ቁጥሩ 0.037 ይሆናል። በቻርቱ ላይ ከሬይኖልድስ ቁጥር 30,000 ጋር ሳገናኘው የ0.008ን መስመር ሊነካ ነው፤ ወደ ሸካራነት ሲመለስ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለብዙ ዓመታት ለዛገ ቧንቧ የሚታመን ቁጥር ነው። ነገር ግን ኮረብታ ላይ የታሰረ አየር ወይም በግማሽ የተዘጋ ቫልቭም ያንኑ 14 ሰከንድ ሊያመጣ ይችላል። የሚለያቸው ኪሳራው የተሰራጨበት መንገድ ነው፤ ዝገት በሙሉ ርዝመቱ እኩል ይበላል፣ አየርና ቫልቭ ግን አንድ ቦታ።

ቧንቧው እኩሌታው ላይ፣ 1,200ኛው ሜትር ላይ፣ ከምንጩ 25 ሜትር ዝቅ ብሎ ያልፋል። ዝገት ከሆነ እስከዚያ የኪሳራው ግማሽ፣ 18 ሜትር፣ ሊጠፋ ይገባል፤ 7 ሜትር ይቀራል፣ 0.7 ባር። ውሃው እየፈሰሰ ጌጁን አሰርነው፤ 0.7 አነበበ። መርፌው የሚለየው 0.1 ባር ስለሆነ አንድ ሜትር ያህል ወዲያና ወዲህ ሊሆን ይችላል። ደግሞም አንድ እንቅፋት ከላይ፣ አንድ እንቅፋት ከታች ቢኖር መሃል ላይ ሊጣጣሉ ይችላሉ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጌጁን ይዘን 600ኛው ሜትር ላይ እንወጣለን። ቦታው ከምንጩ 15 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ኪሳራው እኩል ከተሰራጨ 9 ሜትር ጠፍቶ 6 ሜትር ይቀራል። 0.6 ባር ካነበበ ዝገት ነው እላለሁ። ካነሰ ከዚያ በላይ ያለውን መስመር በእግር እንፈትሻለን፤ ሽማግሌውም አንድ የተረሳ ቫልቭ እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ እንዳለ ነግረውኛል።