ከ«እናመሰግናለን» በኋላ፦ የደንበኛን እርካታ ወደ ምስክርነትና ወደ ጥቆማ መቀየር

ሥራው አልቆ ደንበኛው «በጣም ረድታችሁናል፣ እናመሰግናለን» የሚል ኢሜይል ሲልክ ብዙ አማካሪ ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ቀድቶ ድረ ገጹ ላይ ይለጥፋታል። ከዚያ በኋላ በእሷ ምክንያት የሚደውል ሰው አይገኝም። ምስጋናው ውሸት ሆኖ አይደለም። ምስጋና የሚጻፈው ለተመስጋኙ ነው፤ ምስክርነት ግን ገና ለማያውቃችሁና ገንዘቡን ከፍሎ እንዳይቆጨው ለሚሰጋ ሰው ነው። ያ ሰው ሌላው ደንበኛ መደሰቱ ብዙም አይገደውም። የእሱን ዓይነት ችግር የነበረበት ሰው መጀመሪያ ምን አስፈርቶት እንደነበርና በኋላ ምን እንደተለወጠለት ነው መስማት የሚፈልገው።

አካሄዱን ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የመኪና መለዋወጫ የሚያከፋፍል ድርጅት አለ። ትዕዛዝ ይዘገያል፣ ዕቃ ተሳስቶ ይላካል። አማካሪው 14 ሳምንት ገብቶ የመጋዘኑን አሠራር ያስተካክላል። አብራው የምትሠራው የሥርጭት ኃላፊዋ ናት።

ምስክርነቱ የሚዘጋጀው በመጀመሪያው ሳምንት ነው

ብዙዎች ይህን ሥራ የሚያስታውሱት ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ነው፤ ያኔ ግን ዋናው ነገር አምልጧል። ችግር ከተፈታ በኋላ ቶሎ ይረሳል። ከስድስት ወር በኋላ ደንበኛው «ድሮም እኮ ያን ያህል አልከፋም ነበር» ቢላችሁ ዋሽቶ ሳይሆን እውነት ረስቶ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የነበረውን ሁኔታ በደንበኛው የራሱ መዝገብ መዝግቡት። በምሳሌያችን አማካሪው የመጨረሻዎቹን 60 ትዕዛዞች አውጥቶ ሁለት ነገር ብቻ ይቆጥራል፦ ትዕዛዝ ከገባ ዕቃው እስኪወጣ በአማካይ 9 ቀን ይፈጃል፤ ከ60ዎቹ 11ዱ ላይ የተሳሳተ ወይም የጎደለ ዕቃ አለ። ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ ለኃላፊዋ ይልካል፣ እሷም «ትክክል ነው» ብላ ትመልሳለች። ይህቺ መልስ በኋላ ቁጥሩ ከየት መጣ ለሚል ሁሉ መልስ ናት። ከሁለት ወይም ከሦስት ቁጥር በላይ ግን አትያዙ። አሥር ነገር ከለካችሁ መጨረሻ ላይ የተሻሻለውን ብቻ መርጣችሁ እንዳወራችሁ ያስመስላል።

ከቁጥሩ እኩል የሚጠቅመው ደንበኛው ችግሩን የገለጸበት ቃል ነው። ኃላፊዋ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «ሰኞ ጠዋት ስልክ ሲጮህ ማንሳት ያስፈራኛል» ብላ ከሆነ፣ ሳታሳምሩ እንዳለችው ጻፉት። በእናንተ ቋንቋ «የአቅርቦት ሰንሰለት መስተጓጎል» ብላችሁ የምትጽፉት ነገር ለእሷ ቢጤ ሌላ ኃላፊ ምንም አይነግረውም። የስልኩ ነገር ግን ወዲያው ይገባዋል።

መቼና እንዴት መጠየቅ

የመጨረሻውን ሪፖርት ያስረከባችሁ ቀን አትጠይቁ፤ ያን ቀን ለውጡ ገና ወረቀት ላይ ነው። የክፍያ ጥያቄ ከምትልኩበት ኢሜይል ጋርም አትቀላቅሉት፣ ምስክርነቱ የሒሳቡ አካል ይመስላል። ያልተፈታ ቅሬታ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ይፈታ። ጥሩው ጊዜ ደንበኛው ውጤቱን በራሱ ዓይን ያየበት ነው። ምልክቱም ቀላል ነው፦ ሳትጠይቁት ቁጥሩን ራሱ ያነሳዋል። ኃላፊዋ «በዚህ ወር አማካዩ 4 ቀን ገባ፣ አለቃዬም አየው» ያለች ዕለት ጊዜው ደርሷል። ግማሽ ዓመት ከቆያችሁ ያቺ ሰው ሥራ ቀይራ ልታገኟት ትችላላችሁ።

ስትጠይቁ «እባክዎ ጥቂት ነገር ይጻፉልን» አትበሉ። በዚህ መስክ በብዛት የሚሠራው ስህተት ይህ ነው። ሥራ የበዛበት ሰው ባዶ ገጽ ፊት ሲቀመጥ ወይ «ሙያዊ፣ ታማኝና ትጉ» የሚሉ፣ ለማንም የሚሆኑ ቃላት ይደረድራል፣ ወይ ዛሬ ነገ ሲል ሦስት ሳምንት ያልፈዋል። ሁለተኛው ይብሳል፤ አለመጻፉ እያሳፈረው ስልካችሁን መሸሽ ይጀምራልና። እናንተ ጠይቁ፣ እሱ ያውራ፣ ጽሑፉን እናንተ አዘጋጁ። 20 ደቂቃ ይበቃል። ድምፅ የምትቀዱ ከሆነ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ጥያቄዎቹ አምስት ናቸው። ከመጀመራችን በፊት የሥራ ቀንዎ ምን ይመስል ነበር? አማካሪ ለመቅጠር ሲያስቡ ያመነታዎት ምን ነበር? አሁን ምን ተለወጠ፣ በምን አወቁት? በሂደቱ ያስቸገረው ነገር ምን ነበር? እንዲህ ያለ ሥራ ለማን ይጠቅማል፣ ለማንስ አይጠቅምም? ከሁሉም ሁለተኛውን እንዳትዘሉት። መልሱ የሚቀጥለው ደንበኛ በልቡ ይዞ የማያወጣው ጥርጣሬ ነው። አጠቃላይ መልስ ሲመጣ «ለምሳሌ?» ብላችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ጥሩው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ በኋላ ነው የሚወጣው።

ከዚህ ንግግር የሚወጣው ጽሑፍ አጭር ነው፣ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። ለምሳሌ፦

«ከዚህ በፊት አማካሪ ቀጥረን ወፍራም ሪፖርት ብቻ ስለቀረልን፣ ይሄም እንደዚያው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ያኔ ሰኞ ጠዋት ስልክ ማንሳት ያስፈራኝ ነበር። ከ60 ትዕዛዝ 11ዱ ተሳስቶ ይወጣ ነበር፤ አሁን 3 ነው። ትዕዛዝ ለማውጣት 9 ቀን ይፈጅብን የነበረው ወደ 4 ወርዷል። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ግን ከባድ ነበሩ፤ ሠራተኛው ሁሉንም ዕቃ እንደገና መቁጠር ነበረበት። ለዚያ ጊዜ የሌለው ድርጅት ባይጀምረው ይሻላል።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለማውጣት እጅ ይበላል። ተዉአቸው። አንባቢው የላይኛውን ቁጥር የሚያምነው በእነሱ ምክንያት ነው፤ ቆጠራውን መሸከም የማይችለውንም ድርጅት ሳይደውል ያስቀሩላችኋል። በተጨማሪም ድርጅቱ በዚያው ወቅት አዲስ የባርኮድ ማንበቢያ ገዝቶ ከሆነ ለውጡን ሁሉ ለራሳችሁ አትጠቅልሉት፣ ጥቀሱት። የድርጅቱ ሠራተኛ ያን ያውቃል።

ረቂቁን ስትልኩ «ያልዎትን እንዳሉት ለመጻፍ ሞክሬያለሁ፤ የማይስማማዎትን ይሰርዙ» በሉ። የት እንደሚወጣ፣ ስምና የሥራ መደብ ይጠቀስ እንደሆነ፣ ፎቶ ይኑር አይኑር በጽሑፍ አስፈቅዱ። የሕግ ወይም የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ከከለከለ አትከራከሩ። «የመለዋወጫ አከፋፋይ፣ የሥርጭት ኃላፊ» ብቻ ተብሎ ሊወጣ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ያም ካልሆነ አንድ ከልቡ የሚያስብ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ በስልክ አምስት ደቂቃ ታናግር እንደሆነ ጠይቋት። ይህ ከታተመ ጽሑፍ ይልቅ ክብደት አለው፤ ግን በዓመት ከሁለት ሦስቴ በላይ አትጠቀሙበት፣ ሰው ይሰለቻል።

ጥቆማ የማይመጣው ለምንድን ነው

ረክቻለሁ ያለ ሁሉ ሰው ያመጣል ማለት አይደለም። ኩማርና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ላይ፣ ከአንድ የቴሌኮም ድርጅት ደንበኞች ከመቶ 81ዱ ለሌላ ሰው እንጠቁማለን ብለው ነበር፤ በተግባር የጠቆሙት ግን ከመቶ 30 ነበሩ። የማማከር ሥራ ሌላ ገበያ ነው፣ ክፍተቱ ግን እዚህም አለ። የፍላጎት ማነስ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። «ሰው ካወቁ ይጠቁሙን» ሲባል ደንበኛው መላ ዓለሙን መፈተሽ አለበት፣ ስለዚህ ማንም አይመጣለትም። የጠቆምኩት ሥራ ቢበላሽ እኔን ያሳፍረኛል የሚል ስጋትም አለ።

ስለዚህ ጥያቄውን አጥብቡት። ለምስክርነቱ በተያዘው 20 ደቂቃ ውስጥ ግን አይደለም፤ ሁለት ውለታ በአንድ ጊዜ ይከብዳል። ጽሑፉ ጸድቆ የመጨረሻውን ቅጂ ስትልኩ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ እንዲህ በሉ፦ «ከዚህ በፊት አብረዋቸው ከሠሩ ወይም በንግድ ማኅበራችሁ ከሚያገኟቸው ሰዎች ውስጥ፣ ዕቃ ተሳስቶ ስለመውጣት ሲያማርር የሰሙት አለ?» አሁን ፍለጋው ወደ ሁለት ክፍል ጠቧል፣ አንድ ስም ብዙ ጊዜ ወዲያው ይመጣል።

ስም ሲመጣ ስልክ ቁጥር አትቀበሉ። መጀመሪያ እሷ ሰውየውን ትጠይቀው። ለዚህም ቀድታ የምትልከው አጭር መልእክት አዘጋጁላት፦ «ባለፈው ዕቃ ይሳሳትብናል ብለኸኝ ነበር። እኛም ነበረብን፣ ከአንድ አማካሪ ጋር ሠርተን ቀንሷል። ከፈለግህ ግማሽ ሰዓት ላገናኛችሁ፤ ካልፈለግህም ምንም አይደለም።» የመጨረሻዋ ሐረግ ለይሉኝታ መውጫ በር ትከፍታለች። ሰውየው እሺ ካለም ፈልጎ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠቋሚዋን አለመርሳት የእናንተ ፋንታ ነው። በተገናኛችሁ በሁለት ቀን ውስጥ «ተገናኝተናል፣ አመሰግናለሁ» በሏት። ሥራው ቢጀመርም ባይጀመርም ያንኑ ብቻ ንገሯት፤ የሰውየውን ጉዳይ ግን አታውሩ፣ ነገ የእሷንም ታወራላችሁ ብላ ታስባለች። ሰውየው ለእናንተ የማይሆን ከሆነ ወደሚሆነው ሰው ላኩት። ጠቋሚዋ ይህን ስትሰማ ሁለተኛ ስም ለመስጠት አትፈራም። ለጥቆማ ኮሚሽን መክፈልን አንመክርም፤ ምክሯን ወደ ሽያጭ ይቀይረዋል። መክፈል ግድ ከሆነ ተጠቋሚው ከመጀመሪያው ይወቅ።

መዝገቡ አንድ ገጽ ይሁን፦ ማን ተጠየቀ፣ ስንት ስም ሰጠ፣ ስንቱ ተገናኘ፣ ስንቱ ውል ፈረመ። ከ12 እስከ 15 ጠቋሚ በላይ አትያዙ፤ በየሦስት ወሩ ለእያንዳንዳቸው ከሥራቸው ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር ለመላክ የምትችሉት ይህን ያህል ነው። በየሩብ ዓመቱ መዝገቡን ስታዩ ችግሩ የት እንዳለ ራሱ ይናገራል። የተጠየቁት ብዙ ሆነው ስም ካልመጣ ጥያቄው ሰፍቷል። ስም መጥቶ ሰው ካልተገናኘ የምታዘጋጁት መልእክት ረዝሟል ወይም ሽያጭ ሸቷል። ተገናኝቶ ውል ካልመጣ ደግሞ ወደ ምስክርነቱ ተመለሱ፤ ምናልባት ሥራው ለማን እንደማይሆን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ተቆርጦ ወጥቷል።