የ30 ዓመት ሰዓት እና የ4 ደቂቃ ምስጋና፦ የሽኝት ንግግሬን እንዴት እንዳዘጋጀሁት

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። 30 ዓመት ሙሉ ጥገና ክፍል ነበርኩ፣ ፓምፕ ስንፈታ ፓምፕ ስንገጥም ነው ያረጀነው፣ እና በሽኝቱ ቀን ባልደረቦቼ ጀርባው ላይ ጽሑፍ የተቀረጸበት የእጅ ሰዓት ሰጡኝ። ሰው ሰዓት ሰጥቶህ ዝም ብለህ አትቀመጥም፣ ስፒች አለ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ማይክ ጨብጬ አላውቅም፣ ስብሰባ ላይ ድምፄ የሚሰማው የመሳሪያ ሳጥን ቁልፍ ሲጠፋ ብቻ ነው። ተራው ለሚደርሳችሁ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው ይችን የምጽፈው።

ስጦታው ሰርፕራይዝ ነው ተብሎ ነበር ግን ቀድሜ ነቅቻለሁ። 3 ሳምንት ሲቀረው ከሽኝት ኮሚቴው አንዱ ልጅ መጣና "ጋሼ፣ የተቀጠሩት መቼ ነበር? ቀኑ ራሱ?" አለኝ። ዓመቱን ከነገርኩት በኋላ ቀኑን ምን ሊያደርግለት ነው አልኩ በልቤ፣ ደግሞ እያወራኝ ዓይኑ የእጄ አንጓ ላይ ነው። ገባኝ፣ ዝም አልኩት። እውነቱን ለመናገር ማወቄ በጣም ነው የጠቀመኝ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ድራፍቴ አሳፋሪ ነበር።

ምን ጻፍኩ? የሕይወት ታሪኬን። በዚህ ዓመት ተቀጠርኩ፣ ከዚያ ወደዚያ ክፍል ተዛወርኩ፣ ከዚያ ደረጃ አደግኩ፣ 4 ገጽ ሙሉ። ማታ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ 11 ደቂቃ ፈጀ። ስጨርስ "ይሄን ለሥራ ማመልከቻ ነው የጻፍከው?" አለችኝ። ተናደድኩ ግን እውነቷን ነው፣ 4 ገጽ ውስጥ አመሰግናለሁ የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ነው ያለው፣ ሰዓቱ ጭራሽ የለም! ሰዎቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ ሰው ልከው፣ ስሜን አስቀርጸው ሊሰጡኝ ነው እኔ የማወራው ስለ ዝውውሬ።

ሁለተኛው ድራፍት ደግሞ በተቃራኒው የስም ዝርዝር ሆነ። ላመሰግናቸው የሚገቡኝን ስጽፍ ስጽፍ 41 ስም ደረስኩ፣ አልጋ ላይ ጋደም ስል ደግሞ ሌላ ሁለት ሰው ትዝ አለኝ፣ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አንድ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፣ 41 ሰው ስትጠራ የተጠራው "እሺ ተጠራሁ" ብሎ ይረሳዋል፣ ያልተጠራው 42ኛው ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ነው የሚያስታውሰው። የሌሊት ጥበቃውን ብረሳውስ? 30 ዓመት በሩን ሲከፍትልኝ የኖረ ሰውዬ! ስለዚ ስም መጥራቱን ሙሉ በሙሉ ተውኩትና ሰዎቹን በሠሩልኝ ነገር ጠራኋቸው። "ልጄ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ሳልጠይቃችሁ ሺፍቴን የተካፈላችሁልኝ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።" "የተሰበረ ፓርት ፎቶ ልኬ 'ይሄ ስቶር ይኖራል?' ስላችሁ እሑድ እንኳን ስልክ ያነሳችሁልኝ።" እንደዚህ እንደዚህ እያልኩ አምስት ዓረፍተ ነገር። ይሄ ስም ከመጥራት የበለጠ ሠራ፣ በዕለቱ ሺፍቱን ስል ከኋላ ወንበር ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ሲተያዩ አየኋቸው፣ አራተኛዋ አንገቷን ደፋች።

ዋናው ነገር ግን ታሪኩ ነው። 30 ዓመት በ4 ደቂቃ አይወራም፣ አንድ ሌሊት ግን ይወራል። ያቺን ሌሊት ለመምረጥ ሳምንት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ያሰብኩት አንድ ባልደረባዬ በሌሊት ሺፍት እንቅልፍ ወስዶት የሆነውን ነበር፣ በጣም ያስቃል፣ ሁሌ እንስቅበታለን። ግን አዳራሹ ውስጥ የሱ የአሁኑ ኃላፊ አለ፣ እኔ ነገ ቤቴ ነኝ እሱ ነገ ሥራ ይገባል። ስለዚ ሰረዝኩት። ጥፋት ያለበት ታሪክ ካስፈለገ የራሴ ይሁን አልኩ፣ እሱ ደግሞ ሞልቶኛል።

የመረጥኩት የተቀጠርኩ ሰሞን የሆነውን ነው። ለአንድ ፓምፕ አዲስ ቤሪንግ እንድገጥም ታዘዝኩ። ቤሪንግ ሻፍት ላይ ስትገጥም የሚገፋው የውስጠኛው ቀለበት ነው፣ እኔ ግን ቸኩዬ በመዶሻ የውጪውን ቀለበት መታሁት። እንደሱ ሲመታ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና መንከባለያ መስመሩን ያጎደጉደዋል፣ በዓይን ምንም አይታይም፣ ፓምፑ ሲነሳ ነው እንደ ቡና ወፍጮ የሚጮኸው። ጮኸ። የመጀመሪያው ኃላፊዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ድምፁን ሰሙ፣ አልተቆጡም፣ ኮታቸውን አውልቀው አጠገቤ ተቀመጡ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር፣ እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በየደቂቃው አያለሁ። እሳቸው ምን አሉኝ፣ "ሰዓቱን እኔ አይልሃለሁ፣ አንተ እጅህን እይ።"

ይሄን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ስጽፈው ነው ስፒቹ ያለቀው። ለካ ስለ ሰዓት የማወራው ነገር 30 ዓመት ቀድሞ ተሰጥቶኛል። መዝጊያውን ከዚያው ላይ አወጣሁት፦

"እሳቸው ካለፉ በኋላም ሰዓቱን እናንተ ናችሁ ያያችሁልኝ። እኔ እጄን ሳይ፣ ሺፍት ማለቁን የምትነግሩኝ፣ 'ጋሼ በቃ ሂድ' የምትሉኝ እናንተ ነበራችሁ። አሁን ቤት ስሆን የሚያይልኝ የለም ብላችሁ ይሄን ሰጣችሁኝ መሰለኝ። አመሰግናለሁ፣ አየዋለሁ።"

በቃ። ከዚህ በኋላ አንድም ቃል አልጨመርኩም። መጀመሪያ ላይ ከዚህ በኋላ ለወጣቶቹ ምክር ነገር ነበረኝ፣ አነበብኩትና የተጨበጨበለትን ነገር መልሶ የሚያቀዘቅዝ ሆኖ አገኘሁት፣ አወጣሁት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሆነ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን ተቀብዬ የተቀረጸውን ማንበብ፣ ከዚያ የቤሪንጉ ሌሊት፣ ከዚያ በሥራቸው የምጠራቸው ሰዎች፣ ለባለቤቴ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ መዝጊያው። የተቀረጸውን ማንበብ የሚለው የኔ ሐሳብ ነው እና በሱ እኮራለሁ። ለምን መሰላችሁ፣ ጽሑፉ ያለው ጀርባው ላይ ነው፣ እጅ ላይ ሲታሰር ቆዳህ ጋ ተጣብቆ ይደበቃል፣ ያዋጣው ሰው ሁሉ ምን እንደተጻፈ እንኳን ላያውቅ ይችላል። ስለዚ ከፍ አድርጌ አነባለሁ አልኩ። ችግሩ ፊደሉ ትንሽ፣ እኔ ደግሞ ያለ መነጽር ዓይነ ስውር በሉኝ። መነጽሬን ከላይ ኪሴ ውስጥ፣ ከእስክሪብቶ ለይቼ አስቀመጥኩ።

ልምምዱን ሁሌ ቆሜ ጮክ ብዬ ነው ያደረግኩት፣ በልብ ማንበብ አይቆጠርም፣ በልብ ሲነበብ 2 ደቂቃ የነበረው በአፍ 4 ይሆናል። እኔ በደቂቃ 90 ቃል አካባቢ ነው የምናገረው፣ ስለዚ 360 ቃል ላይ ቆምኩ። ሌላ ያወቅኩት ነገር፣ "ነፍሳቸውን ይማርና" ጋ ስደርስ አምስቱንም ጊዜ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ልምምድ ላይ የተዘጋ መድረክ ላይም ይዘጋል። ላወጣው አልፈለግኩም፣ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ቦታ ቆረጥኩትና ወረቀቱ ላይ በቀይ "ተንፍስ" ብዬ ጻፍኩ። ያስጨነቀኝ የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ነበር ለካ፣ አጭር ሲሆን ድምፅ ሳይሰበር ያልፋል።

ስልክ ላይ ላንብብ ብዬም ነበር፣ ስክሪኑ መሐል ላይ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። በትልልቁ የተጻፉ 4 ካርዶች፣ ጥጋቸው ላይ ቁጥር፣ አለቀ።

በዕለቱ ምን ተበላሸ? እጅ። የሰዓቱ ሳጥን፣ ማይክ፣ ካርድ፣ ሦስት ነገር ለሁለት እጅ። ይሄን እንዴት አላሰብኩትም! ሳጥኑን ብብቴ ሥር ልሸጉጥ ስል የኮሚቴው ልጅ ሮጦ መጥቶ ማይኩን ያዘልኝ፣ ጨርሼ እስክወርድ እንደ ማይክ ስታንድ ቆሞ ዋለ ምስኪን። ከፊት ለፊቴ ጠረጴዛ ይኑር ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነበር የሚሻለው። ሁለተኛው ስህተት፣ ሰው ሁሉ "እሰረው! እሰረው!" ሲል መድረክ ላይ አሰርኩት። የብረት ማሰሪያ በልክ ካልተቀነሰ ሰፊ ነው፣ እጄን ለሰላምታ ሳነሳ እስከ ክርኔ ወረደ፣ ዝቅ ሳደርገው መዳፌ ላይ መጣ። ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን የተዘጋጀሁበት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከሳቁ ጋር ጠፋ፣ ካርድ ባይኖረኝ ኖሮ እዚያው ነበር የምቀረው። ማሰሪያው ሁለት ዓይን ሲወጣለት ልክ ሆነ፣ ግን ያ በማግስቱ ነው።

ደቂቃው 4 ታስቦ 6 ሆነ፣ በሳቅና በጭብጨባ። 11 ደቂቃውን ይዤ ወጥቼ ቢሆን አስቡት።

አንድ ነገር ቀረ። መነጽሬን አድርጌ ጀርባውን ለማንበብ ሳዞረው ስሜ በ"ሀ" ተጽፏል። እኔ በ"ኃ" ነኝ፣ መታወቂያዬም ደመወዜም 30 ዓመት በ"ኃ" ነው የወጣው። ለአንድ ሰከንድ ዝም አልኩ፣ ሰው የተነካሁ መስሎት ነበር። ከዚያ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ሀ እና ኃ በድምፅ አንድ ናቸው፣ ማንም አላወቀም።

ከሳምንት በኋላ የኮሚቴው ልጅ ፎቶውን ትኩር ብሎ አይቶ ኖሮ ደወለ፣ "ጋሼ ይቅርታ፣ ስምዎ ተሳስቷል፣ እናስተካክለው፣ ይላኩልኝ" አለ። የተቀረጸ ፊደል እንዲጠፋ ብረቱ መፋቅ አለበት፣ ከዚያ ከላዩ ሌላ መቅረጽ፣ እኔ ደግሞ የተፋቀ ነገር ምን እንደሚመስል ከሥራዬ አውቃለሁ። ተወው አልኩት። "ምነው፣ በ'ሀ' ይሁን እንዴ?" ሲለኝ፣ "ሳነበው ሰምተሃል አይደል? ልክ ነው የተጻፈው" ብዬ ዘጋሁት።