ምልክቱ የተለወጠበት ቦታ ሁሉ የኢንፍሌክሽን ነጥብ አይደለም

ዛሬ ማታ የ y = x³/(x² − 1) ን ግራፍ ያለ ካልኩሌተር በወረቀት ላይ ሣልሁ። ይህን ፈንክሽን የምወደው አጭር ሆኖ ሳለ ዜሮንና ምልክትን የሚያምታታ ሰው የሚሳሳትባቸውን ቦታዎች በአንድ ላይ ስለሚይዝ ነው።

እኔ ከዴሪቬቲቩ በፊት አሲምፕቶቶቹን በተቆራረጠ መስመር ማስመር እመርጣለሁ። ታህቱ በ x = 1 እና በ x = −1 ዜሮ ሲሆን ላዕሉ ግን በዚያ ዜሮ ስለማይሆን፣ በሁለቱም ቦታ ቀጥ ብሎ የቆመ አሲምፕቶት አለ። ላዕሉ ለታህቱ ሲካፈል ደግሞ x + x/(x² − 1) ይወጣል፤ x በጣም ሲርቅ ቀሪው ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ኩርባው y = x የተባለውን ሰያፍ መስመር ይጠጋል። አክሲሶቹን የሚያገኘው በ (0, 0) ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዴሪቬቲቭ ሲቃለል x²(x² − 3)/(x² − 1)² ይሆናል። ካሬዎቹ ኔጌቲቭ ስለማይሆኑ ምልክቱን የሚወስነው x² − 3 ነው። በ x = 0 ዴሪቬቲቩ ዜሮ ቢሆንም ከግራም ከቀኝም ኔጌቲቭ በመሆኑ፣ ኩርባው እዚያች ነጥብ ላይ አግድም ይሆንና መውረዱን ይቀጥላል እንጂ አይመለስም። የሚመለሰው በ √3፣ ማለትም በ 1.73 አካባቢ ሲሆን፣ ከመውረድ ወደ መውጣት ስለሚዞር ዋጋው 2.6 ገደማ የሆነ ዝቅተኛ ነጥብ ይኖረዋል። በ −√3 ደግሞ ከፍተኛ ነጥብ አለ፤ ዋጋው ግን −2.6 ገደማ ነው። ከፍተኛው ከዝቅተኛው በታች መገኘቱ ለጀማሪ እንግዳ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም በየአካባቢያቸው ብቻ የሚነጻጸሩና በአሲምፕቶቶች በተለያዩ ቅርንጫፎች ላይ የሚገኙ ስለሆኑ ምንም ተቃርኖ የለም።

ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ 2x(x² + 3)/(x² − 1)³ ነው። ታህቱ አሁን ኩብ ስለሆነ ምልክቱ በ −1፣ በ 0 እና በ 1 ይለወጣል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሦስት የኢንፍሌክሽን ነጥቦችን፣ ማለትም ኩርባው የሚከፈትበት አቅጣጫ የሚለወጥባቸውን ነጥቦች፣ ይጽፋል። ሆኖም በ 1 እና በ −1 ፈንክሽኑ ዋጋ ስለሌለው በኩርባው ላይ ነጥብ የሚባል ነገር በዚያ የለም፤ የኢንፍሌክሽን ነጥቡ (0, 0) ብቻ ነው። ከ −1 እስከ 0 ኩርባው ወደ ላይ ይከፈታል፣ ከ 0 እስከ 1 ወደ ታች ይከፈትና በ x = 1 ግራ በኩል ወደ ታች ያለ ገደብ ይወርዳል።

ሥዕሉን ከጨረስሁ በኋላ የማየው አንድ ነገር አለ። ከ 1 በላይ ቀሪው x/(x² − 1) ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ስለሆነ ኩርባው ከሰያፉ መስመር በላይ መሆን አለበት፤ በ x = 2 ዋጋው 8/3 ሲሆን የመስመሩ 2 ነው። እዚያ ከመስመሩ በታች የወረደ ኩርባ ካየሁ፣ የስሕተቱን ቦታ ገና ባላውቅም ሥዕሉን እሰርዘዋለሁ።