ስለ ሐዋሳ ሐይቅ የተጻፉ ጥናቶችን ከነግምገማቸው በአንድ ዝርዝር ያሰባሰብኩበት መንገድ

ስለ ሐዋሳ ሐይቅ የውኃ ከፍታ የተጻፉ ጥናቶችን ከነጭምቅ ሐሳባቸውና ከነግምገማቸው ሳሰባስብ፣ መነሻዬ የደብተር ማስታወሻ፣ በስልክ የተነሱ ገጾችና በፒዲኤፍ ኅዳግ ላይ የሰፈሩ አስተያየቶች ነበሩ። መጀመሪያ ማስታወሻዎቹን በሦስት ምልክት ለየኋቸው፦ «ጥ» ቃል በቃል የተጠቀሰ፣ «ደ» የደራሲው ሐሳብ በእኔ አነጋገር፣ «እ» የእኔ አስተያየት። ይህ ካልተለየ ቆይቶ የራስን ትችት የደራሲው ግኝት አድርጎ መጻፍ ይመጣል። ምንጩ ያልታወቀ ማስታወሻ ግን ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ምንጩ እስኪገኝ ለብቻው ይቀመጣል።

ድግግሞሹን ማጥራት ቀጠለ። የሐይቁ ስም Awasa፣ Awassa እና Hawassa ተብሎ ስለሚጻፍ ፍለጋው በሦስቱም መሆን አለበት። የአንድ ተመራማሪ ሥራም አንዴ በራሱ፣ አንዴ በአባቱ ስም ተመዝግቦ ይገኛል። የመመረቂያ ጽሑፍ ዓመት ላይ በተለይ መጠንቀቅ ይገባል፦ ሰኔ 2008 ዓ.ም. በጎርጎርዮስ 2016 ነው፣ ጥቅምት 2008 ግን 2015። ወሩ ካልተጻፈ እንደታተመው መተው ይሻላል።

ለእያንዳንዱ ጥናት 80 ቃል ያህል ጭምቅ ሐሳብ ጻፍኩ፦ ጥያቄው፣ መረጃው ከየትና ከየትኛው ዘመን እንደመጣ፣ የተሠራበት ዘዴ፣ ውጤቱ። በ50 ቃል ገደማ የሚጻፈውን ግምገማ የጀመርኩት የሁሉም ጭምቅ ካለቀ በኋላ ነው። እያፈራረቁ ሲጽፉት መመዘኛው ሳይታወቅ ይለወጣል፤ መጀመሪያ የተነበቡት በለዘብታ፣ የኋለኞቹ በጥብቅ ይመዘናሉ።

ሁሉንም የጠየቅኩት ሁለት ጥያቄ ነው፦ ድምዳሜው በመረጃው ልክ ነው ወይ? ያልተለካውስ ምንድን ነው? ለምሳሌ አንድ ጥናት የሐይቁ ከፍታ የጨመረው በተፋሰሱ የደን መመናመን ነው ቢል፣ ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ስለዚህ ከፍታው በዝናብ፣ እንደ ጥቁር ውኃ ባሉ ገባሮች፣ በትነትና በከርሰ ምድር ውኃ ሚዛን ይወሰናል። የከርሰ ምድሩ ፍሰት ካልተለካና የሒሳቡ ቀሪ ተደርጎ ከተወሰደ፣ የሌሎቹ ልኬቶች ስህተት ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ግምገማው እንዲህ ይወጣል፦ «የከፍታውን ለውጥ በጣቢያ ልኬት በሚገባ ያሳያል። መንስኤውን ግን የደን ለውጥ ብቻ ለማለት አይበቃም፤ የከርሰ ምድሩ ፍሰት አልተለካም፣ የትነቱም ስሌት የስህተት ወሰን አልተሰጠውም። ለከፍታው መረጃ እጠቅሰዋለሁ፣ ለመንስኤው አልጠቅሰውም።»

«ጠቃሚና ሰፊ ጥናት ነው» የሚለውን ግን ሰረዝኩ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ግምገማው ወደ ሌላ ጥናት ተዛውሮ ያለ ችግር ከገጠመ ባዶ ነውና እንደገና ይጻፋል። አብስትራክቱ ብቻ የተነበበ ጥናት ደግሞ ዘዴው ስለማይታይ አይገመገምም፤ በግምገማው ቦታ «ሙሉው አልተነበበም» ተብሎ ይጻፋል።