«ሜየር» እና «ሚዮ»፦ የፈረንሳይኛን ማወዳደሪያ እንዴት እንደለየሁ

ፈረንሳይኛ ነገሮችን የሚያወዳድርበት መንገድ በአብዛኛው ቀላል ነው። ከቅጽሉ ወይም ከተውሳከ ግሱ በፊት ለብልጫ «ፕሉ»፣ ለማነስ «ሟን»፣ ለእኩልነት «ኦሲ» ይገባል፤ ሌላው ተወዳዳሪ ደግሞ «ከ» የሚለውን ቃል ተከትሎ ይመጣል። ፓሪስ ከሊዮን ትበልጣለች ለማለት «ፓሪ ኤ ፕሉ ግራንድ ከ ሊዮን» ይባላል። ይህ «ከ» ከአማርኛው «ከ» ጋር በድምፅም በሥራም መገጣጠሙ እንዲሁ አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ሳልጠቀምበት አላለፍሁም። ልዩነቱ የቦታ ብቻ ነው፦ እኛ «ከሊዮን» ብለን ጀምረን ቅጽሉን ወይም ግሱን ወደ መጨረሻ እናቆያለን፤ እነሱ ግን ቅጽሉን አስቀድመው «ከ ሊዮን» የሚለውን ያስከትላሉ።

ችግሩ የሚጀምረው «ቦን» እና «ቢያን» በሚባሉት ሁለት ቃላት ላይ ነው። «ቦን» ጥሩ ማለት ሲሆን ቅጽል ነው፤ «ቢያን» ደግሞ በጥሩ ሁኔታ፣ በደንብ ማለት ሲሆን ተውሳከ ግስ ነው። ሁለቱም ለብልጫ «ፕሉ»ን አይቀበሉም። የመጀመሪያው «ሜየር»፣ ሁለተኛው «ሚዮ» ወደሚል ፍጹም የተለየ ቃል ይለወጣል። አማርኛ አፋችንን የፈታን ሰዎች በሁለቱም ቦታ «የተሻለ» ወይም «ይሻላል» በሚለው ቃል ስለምንገለገል፣ ከአሳባችን ተነሥተን የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚረዳን ምልክት የለንም። (የፈረንሳይኛውን ዓረፍተ ነገሮች እዚህም በማስታወሻ ደብተሬ እንደማደርገው በእኛ ፊደል በድምፃቸው ነው የምጽፋቸው፤ የሁለቱ ቃላት ልዩነት በጆሮ የሚያዝ ስለሆነ ይህ አጻጻፍ ጠቅሞኛል።)

ክፍል ውስጥ የተሰጠን ደንብ አጭር ነበር፦ ስምን የሚገልጽ ከሆነ «ሜየር»፣ ግስን የሚገልጽ ከሆነ «ሚዮ»። ደንቡ ሐሰት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜም ይሠራል። ነገር ግን ከሬዲዮና ከጋዜጣ የሰማኋቸውንና ያነበብኋቸውን ዓረፍተ ነገሮች እየለቀምሁ ደብተር ላይ ማስፈር ስጀምር፣ በዚህ ደንብ የማይፈቱ ምሳሌዎች ቶሎ ቶሎ መጡ። ስለዚህ ደንቡን ትቼ ሌላ ሥራ ያዝሁ፦ እያንዳንዱን የማወዳደሪያ ዓረፍተ ነገር ውድድሩን አውጥቼ ወደ ተራ አነጋገር መለስሁት፣ ከጎኑም «ቦን» ወይም «ቢያን» ብዬ ጻፍሁ። ውድድር በሌለበት ዓረፍተ ነገር ፈረንሳዮች «ቦን» የሚሉ ከሆነ በውድድሩ «ሜየር» ይመጣል፤ «ቢያን» የሚሉ ከሆነ «ሚዮ» ይመጣል። ከዚህ ሌላ መጠየቅ የሚያስፈልገኝ ነገር እንደሌለ ዝርዝሩ እየረዘመ ሲሄድ ተገነዘብሁ።

የዚህ ፈተና ጥቅም ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው «ሳንቲር» በሚለው ግስ ነው። አበባ ወይም ወጥ ጥሩ ሲሸት «ሳ ሳን ቦን» ይባላል። «ሳን» ግስ ነውና በክፍሉ ደንብ የሚሄድ ተማሪ የበለጠ ጥሩ ይሸታል ለማለት «ሳ ሳን ሚዮ» ይላል፤ ትክክሉ ግን «ሳ ሳን ሜየር» ነው፣ ምክንያቱም ተራው አነጋገር «ቦን» ነበርና። ይኸው ግስ «መ» የሚለውን ተቀጽላ ይዞ ስለ ራስ ስሜት ሲናገር ደግሞ ይገለበጣል። ደኅና ነኝ፣ ደኅንነት ይሰማኛል ለማለት «ዠ መ ሳን ቢያን» ስለሚባል፣ ከሕመም የሚያገግም ሰው «ዠ መ ሳን ሚዮ» ይላል። አንዱ ግስ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ቃላት ይጠራል ማለት ነው። ስለ አየር ሁኔታም እንዲሁ ነው፦ ቀኑ ደስ ሲል «ኢል ፌ ቦን» ይባላልና ከትናንት የተሻለ አየር ሲሆን «ኢል ፌ ሜየር» ይሆናል።

ሁለተኛው የሚያስቸግር ቦታ «ሴ»፣ ማለትም «ነው» የሚለው ነው። በደንቡ መሠረት ከ«ነው» በኋላ ሁልጊዜ ቅጽል መምጣት ነበረበት። ፈረንሳዮች ግን «ሴ ሜየር»ም «ሴ ሚዮ»ም ይላሉ፤ ትርጉሙም አንድ አይደለም። ሾርባ የቀመሰ ሰው ጨው ጨምሮ ደግሞ ሲቀምስ «ሴ ሜየር» ይላል፤ ጣዕም «ቦን» ነውና። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ተጣሞ አይቶ ያቃናው ሰው ግን ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ «ሴ ሚዮ» ይላል፤ ነገሩ ሁሉ ሲያምርና ሲስማማ የሚባለው «ሴ ቢያን» ነውና። በማለዳ መነሣት ይሻላል የሚል ምክርም «ሴ ሚዮ» ነው። ስለ ሰው ሲሆን ልዩነቱ ይሰላል። በሒሳብ ከእኔ ይበልጣል ለማለት ችሎታው «ቦን» ስለሆነ «ሜየር» ይባላል፤ እዚህ ይመቸኛል፣ ከዚያ ይልቅ እዚህ ይሻለኛል ለማለት ግን «ዠ ስዊ ቢያን ኢሲ» ከሚለው ተነሥቶ «ዠ ስዊ ሚዮ ኢሲ» ይባላል።

እዚህ ላይ የፈተናው ወሰንም ይታያል። ተራውን አነጋገር የማያውቅ ሰው ፈተናው አያድነውም፤ ምግብ «ቦን»፣ ሐሳብና ሁኔታ ብዙ ጊዜ «ቢያን» መባሉን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ይበልጥ ያጠናሁት የማወዳደሪያውን ዓምድ ሳይሆን የተራውን አነጋገር ዓምድ ነበር።

ሁለቱን ቃላት በአንድ ጉዳይ ላይ ጎን ለጎን ለመለማመድ የመረጥሁት የአበበ ቢቂላን ሁለት ማራቶኖች ነው። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በ1964 በቶክዮ ደግሞ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። በሮም ጥሩ ሮጠ ለማለት «ኢል አ ቢያን ኩሩ አ ሮም» ይባላል። «ቢያን» በረዳት ግሱ በ«አ» እና በ«ኩሩ» መካከል መግባቱን ልብ ይሏል፤ «ሚዮ»ም ቦታውን ሳይለቅ ይተካዋል፦ «ኢል አ ሚዮ ኩሩ አ ቶክዮ ካ ሮም»፣ ከሮም ይልቅ በቶክዮ የተሻለ ሮጠ። አሁን ስለ ሩጫው መናገር ትተን ስለ ሰዓቱ እንናገር። ጥሩ ሰዓት «ኣን ቦን ታን» ነው፤ «ታን» ስም ስለሆነና ቅጽሉ «ቦን» ስለሆነ የቶክዮ ሰዓቱ ከሮሙ ይሻላል ማለት «ሶን ታን ደ ቶክዮ ኤ ሜየር ከ ሰልዊ ደ ሮም» ይሆናል። እውነቱ አንድ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጥኗል። ቃሉ የተለወጠው ዓረፍተ ነገሩ አንድ ጊዜ ሩጫውን፣ አንድ ጊዜ ሰዓቱን ስለያዘ ነው። ይህን ምሳሌ ሰዓቱን እያነሣሁ፣ ሩጫውን እያነሣሁ ደጋግሜ ከተለማመድሁት በኋላ ምላሴ ራሱ መምረጥ ጀመረ።

ከሁሉ የሚልቀውን ለመናገር ፈረንሳይኛ አዲስ ቃል አያመጣም፤ ከማወዳደሪያው በፊት አርቲክል ብቻ ይጨምራል። «ሜየር» ላይ «ለ» ሲጨመር «ለ ሜየር» ከሁሉ የተሻለው ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ አበበ የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዝግቧልና «ለ ሜየር ታን ዱ ሞንድ» ማለት ይቻላል። እዚህ «ዱ» የምትለዋ ትንሽ ቃል በጥሞና መታየት አለባት። እኛ «በዓለም» የምንለውን እነሱ «የዓለም» በሚያሰኝ ቃል ስለሚሉት፣ ከበላይነት ቅርጽ በኋላ ቦታ ሲጠራ የሚገባው «ደ» ወይም ከአርቲክሉ ጋር የተዋሐደው «ዱ» ነው እንጂ «ውስጥ» የሚል ትርጉም ያለው «ዳን» አይደለም። የባለቤትነት ቃል ካለ ደግሞ አርቲክሉ ይቀራል፦ የእሱ ምርጥ ሰዓት «ሶን ሜየር ታን» ነው።

«ሜየር» ቅጽል ስለሆነ ከስሙ ጾታና ቁጥር ጋር ይስማማል፤ ለሴት አንድ ፊደል፣ ለብዙ ቁጥር ሌላ ፊደል መጨረሻው ላይ ይጨመርበታል። አራቱም ቅርጾች ግን በድምፅ አንድ ስለሆኑ በንግግር በአብዛኛው የሚያጋልጠው «ለ»፣ «ላ»፣ «ሌ» የሚለው አርቲክል ነው፤ በጽሑፍ ሲሆን ግን መምህሩ በቀይ የሚያሰምረው እዚያች መጨረሻ ላይ ነው። «ሚዮ» በተቃራኒው ምንጊዜም አይለወጥም፣ በበላይነት ቅርጹም አርቲክሉ «ለ» እንደሆነ ይቀራል። ከሁሉ አሳምራ የምትዘፍነው ሴት «ሴል ኪ ሻንት ለ ሚዮ» ናት፤ ሴት ናትና «ላ ሚዮ» ይሁን ማለት አይቻልም፣ ቃሉ የሚገልጸው እሷን ሳይሆን አዘፋፈኗን ነውና።

አማርኛ የሚያስከትለው አንድ ስሕተት ግን በፈተናው አይያዝም። እኛ «በጣም የተሻለ» ማለት ስለምንችል ቃል በቃል «ትሬ ሜየር» ማለት ያምረናል፤ ፈረንሳይኛ ይህን አይቀበልም፣ «ትሬ» ውድድር ከያዘ ቃል ጋር አይሄድምና። ብልጫውን ማጉላት የፈለገ «ቢያን ሜየር» ይላል፤ «ሚዮ» ሲሆን «ቦኩ ሚዮ» ወይም «ቢያን ሚዮ» ይባላል።

ለማነስና ለእኩልነት ግን መደበኛው መንገድ እንዳለ ነው፦ «ሟን ቦን»፣ «ኦሲ ቦን»፣ «ሟን ቢያን»፣ «ኦሲ ቢያን» ሁሉም ትክክል ናቸው። የተለየው «ፕሉ» ብቻ ነው። መጥፎ የሚለው «ሞቬ» ደግሞ ሁለት አማራጭ አለው፤ «ፕሉ ሞቬ» እና «ፒር»። ለምግብ ጣዕምና ለዕቃ ጥራት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው፣ ለባሰ ሁኔታ ሁለተኛው ይሰማል፤ በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አላጠፋሁም።

ጆሮዬን ያሠለጠንሁት በ«ፕሉ» አነባበብ ላይ ነው። በተነባቢ ከሚጀምር ቅጽል በፊት «ፕሉ» ይባላል፤ በአናባቢ ከሚጀምር በፊት መጨረሻው «ዝ» ሆኖ ይሰማል፣ ለምሳሌ «ፕሉዝ አንቴሬሳን»። ከግስ በኋላ መጠንን ሲያበዛ ግን «ስ» ይሰማል፦ «ኢል ትራቫይ ፕሉስ»፣ የበለጠ ይሠራል። ይህች «ስ» ቀላል አይደለችም። በዕለታዊ ንግግር የአሉታው «ነ» ስለሚዋጥ «ኢል ትራቫይ ፕሉ» ያለ «ስ» ከተባለ የሚሰማው ከእንግዲህ አይሠራም የሚለው ነው።