ሰኞ ሰኞ የሚጠብቀኝ ደረቴ

ዘጠኝ ዓመት በጥጥ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ክፍሌ ብሎው ሩም ነበር፤ ታስሮ የመጣው ጥጥ የሚፈታበትና የሚበተንበት ቦታ። አቧራው እዚያ ይብሳል።

እሁድ ዕረፍቴ ነው፤ ደህና ነኝ። ሰኞ ሥራ ከጀመርኩ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ግን ደረቴ በገመድ የታሰረ ያህል ይጠብቃል። ማክሰኞ ይለቀኛል። ብርድ ነው ብዬ ፌጦ በሎሚ ጠጣሁ። በኋላ ማክሰኞም፣ ረቡዕም አልለቅ አለኝ። ደረጃ ስወጣ ልጄ ትቀድመኝ ጀመር።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «የትኛው ቀን ይብስብዎታል?» ብሎ ነው። ሰኞ ስለው ቀና ብሎ አየኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ትንፋሽ መለኪያ አስነፋኝ። ጠዋት 430 የነበረው ማታ 340 ሆነ። ቢሲኖሲስ ይባላል፣ የጥጥ አቧራ የሚያመጣው ነው አለኝ። ገና በጊዜ ከአቧራው ከራቁ ይሻልዎታል፣ ዓመታት ከቆዩ ግን ሥራውን ቢተዉም ላይመለስ ይችላል አለ። አፌ ላይ የማስረው ጨርቅም ደቃቁን ብናኝ እንደማያስቀር ነገረኝ።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ሒሳብ ያዝን። ደሞዜ 7,200 ብር፣ ኪራይ 3,000፣ የልጆች ትምህርት 1,200፣ የእናቴ መድኃኒት 900። ባለቤቴ እንጀራ ሸጣ የምታገኘው ለአስቤዛ እንኳ አይበቃም። ሆኖም «ልቀቅ፣ አንተ ከሌለህ ብሩ ምን ያደርግልናል» አለችኝ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ።

የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ግን ደብዳቤውን አንብቦ መለሰልኝ። «እዚህ ላይ በሽታህ የለም። በገዛ ፈቃድህ እንደወጣህ ነው የሚቆጠረው» አለኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በፈቃዱ የሚለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አሠሪው ለጤና የሚያሰጋ ነገር መኖሩን አውቆ፣ በተሰጠው ጊዜ ካላስተካከለ ግን ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ይችላል። ስለዚህ ማወቁ በጽሑፍ መታየት አለበት። እኔ እስከዚያ ቀን ለፎርማኑ በቃል ብቻ ነበር የምነግረው!

የሐኪሙን ወረቀት አያይዤ የክፍል ዝውውር ጠየቅሁ። ቀን ቆርጬላቸው፣ በግልባጩ ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን አስደረግሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ያለቀለት ጨርቅ መጋዘን መደቡኝ። የማታ ሺፍት አበልና ቦነስ ስለቀረ በወር 1,400 ብር ጎደለብኝ። ትልቋን ልጄን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛወርናት፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከስድስት ወር በኋላ ሰኞ ማታ ስነፋ 420 ሆነ።

ብሎው ሩም እኔን የተካው ልጅ 23 ዓመቱ ነው። ባለፈው ሰኞ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ሲያስል አየሁት። «ትናንትስ አስሎህ ነበር?» አልኩት። «ኧረ የለም፣ ትናንት ደህና ነበርኩ» አለኝ። የሐኪሙን ስልክ ሰጠሁት።