ሦስት ጊዜ ያየሁት ሰንፔር

አውቶብሱ ያወረደን ከመሸ ነበር። ለድንጋይ ግዢ ከጋሼ ጋር ስወጣ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እንቅልፍ አላሰኘኝም። ሻንጣችንን ሳንፈታ ሻጩ በር አንኳኳና ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ውስጡ ከሁለት ካራት ትንሽ የሚያልፍ፣ ሞላላ ሆኖ የተቆረጠ ሰንፔር ነበር። በክፍሉ ቢጫ አምፖል ሥር ጥቁር ሆኖ ታየኝ፤ ዳር ዳሩ ላይ ብቻ ሐምራዊ ነገር ብልጭ ይላል። ጋሼ ግን አልነኩትም። «ሰማያዊ ድንጋይ በማታ አምፖል አላይም» አሉት። ሻጩም ቅር ሳይለው ጎህ ሲቀድ እንደሚመጣ ነግሮን ሄደ። ጎህ ሲቀድ ማለቱ ተንኮል እንዳለው የገባኝ ኋላ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከማረፊያችን ጣሪያ ላይ ወጣን። ፀሐይ አልወጣችም፣ ሰማዩ ግን ነግቷል። ወረቀቱ ሲፈታ ክው አልኩ። ትናንት ከሰል ያልኩት ድንጋይ ጥልቅ፣ ለስላሳ ሰማያዊ ሆኗል። «ጋሼ፣ ይሄማ መግዛት ነው!» ብዬ ሻጩ ፊት ለፊት ጮኽኩ። ጋሼ በጫማቸው እግሬን ረገጡኝ። ሻጩ ፈገግ አለ፤ በዚያች አንድ ዐረፍተ ነገር ዋጋውን ከፍ እንዳደረግሁበት አልጠፋኝም።

ጋሼ ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ ሰንፔር አወጡ። ይህቺን ድንጋይ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ በየቀኑ አያታለሁ፤ መካከለኛ ሰማያዊ ናት፣ ተራ ነገር። ከሻጩ ወረቀት ላይ አንስተው ሁለቱንም በነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። የሻጩ ወረቀት ውስጡ በሰማያዊ ስስ ወረቀት የተለበጠ ነበር፣ ያን እንኳ አላስተዋልኩም። «የኛን እያት» አሉኝ። አየኋት። የማውቃት ድንጋይ አልመሰለችኝም፤ እሷም ጠልቃ፣ አምራለች። የተለወጠው ብርሃኑ እንጂ ድንጋዩ አለመሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሻጩ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ጋሼ ነገሩን አስረዱኝ። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት የሚበዛው ብርሃን ከሰማይ የሚመጣ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ሰማያዊ ድንጋይም የራሱን ቀለም አግኝቶ ይፈካል። ዓይናችንም አይረዳንም። ብርሃን ሲያንስ ዓይን ከቀይ ይልቅ ለሰማያዊ ያደላል። ፑርኪንዬ የተባለው የቼክ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት ይህን ያስተዋለው አበባ እያየ ነው፦ ቀዮቹ በንጋት ጠቁረው፣ ቅጠላቸው ግን ፈክቶ ታየው። የማታው አምፖል የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚጎድለው ሰንፔሩን ያጠቁረዋል፣ ሩቢን ግን ያስጌጣል። «ሩቢ ሊሸጥልህ የመጣ ሰው ጎህ ሲቀድ አይመጣም» አሉና ሳቁ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ፤ የቀኑ ረጅሙ ሥራ እሱ ነበር። ፀሐይዋ ስትወጣ የመጀመሪያው ጨረር ቀጥ ብሎ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ድንጋዩ ወዲያው አመድ ለበሰ፣ ውበቱ ሁሉ ተገፈፈ። አሁን ደግሞ መናቅ ጀመርኩ። ጋሼ «ይሄም ውሸት ነው፣ ቢጫ ውሸት» አሉኝ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይን ወደ ኋላችን አድርገን ከግድግዳው ጥላ ገባን። ከላይ ክፍት ሰማይ ነው፣ በቅርብ ቀለም ያለው ነገር የለም፤ ቀይ ሹራቤን እንኳ አስወልቀውኛል። ድንጋዩን በወረንጦ ይዤ ክንዴን ያህል አራቅሁት፤ ፊት ለፊት ካየሁት በኋላ ቀስ ብዬ አዘነበልኩት። ፊት ለፊት ደህና ሰማያዊ ነው፣ ትንሽ ግራጫ አለበት። በረጅሙ ጎኑ ሲያዘነብል ግን አረንጓዴ ወጣ፤ መልሼ ሳቀናው ጠፋ። መለስኩ፣ አዘነበልኩ፣ ያው ነው።

ሰንፔር በአንድ አቅጣጫ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ፣ በሌላው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ያሳያል። ቆራጩ ጠፍጣፋ ፊቱን ለጥሩው አቅጣጫ ካላስተካከለ አረንጓዴው በጎን ይሾልካል። እንዲህ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ክብደት እንዳይጎድልበት ነው፤ ይሄኛውም ሁለት ካራት እንዲሞላ ቀለሙን የሰዋ ይመስላል። ንጋት ላይ ያን አረንጓዴ ፈልጌ አዘንብዬው ቢሆን እንኳ የማየው አይመስለኝም።

ጋሼ ሻጩን ጠርተው ድንጋዩን በዚያው ጥላ ውስጥ ሰጡትና ራሱ እንዲያዘነብለው ጠየቁት። አላዘነበለውም። ጋሼ የሰጡት ዋጋ እኔ ንጋት ላይ ካሰብኩት ግማሽ አይሞላም። ወረቀቱን አጥፎ ሄደ፤ አውቶብስ ከመሳፈራችን በፊት ተመልሶ መጥቶ ሸጠልን።

መንገድ ላይ አዲሱን ድንጋይ አንድ ጊዜ ላየው ፈልጌ ወረቀቱን ፈታሁ። የአውቶብሱ መስኮት አረንጓዴ ላስቲክ ተለጥፎበታል። ጋሼ ሳያዩኝ መልሼ አጠፍኩት።